የድርጅታችሁ ኢሜይል ለምን ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ ያስፈልገዋል? አይቲ ላልሆናችሁ ስራ አስኪያጆች፣ ከነአሰራሩ

ቡና ኤክስፖርት የሚያረግ ድርጅት አለ እንበል፣ ቢሮው አዲስ አበባ፣ ገዢው ጀርመን ሃምቡርግ፣ ዶሜይኑ ደሞ example.com። ኮንትራት ተፈርሟል፣ ኮንቴነሩ ጅቡቲ ደርሷል፣ ገዢው ክፍያውን ሊልክ ነው። በዚ መሃል ከ finance@example.com አንድ ኢሜይል ይደርሰዋል፣ የባንክ ሂሳባችን ኦዲት ላይ ስለሆነ ክፍያውን ዱባይ ባለው አካውንታችን አስገቡልን የሚል። ሎጎው ትክክል ነው፣ ከስር ያለው ስምና ስልክ ትክክል ነው፣ አድራሻው ላይ አንድ ፊደል እንኳን አልተቀየረም። ገዢው ይልካል፣ ገንዘቡ ይሄዳል፣ ከዛ ፋይናንሷ "ክፍያው የት ደረሰ?" ብላ ስትደውል ነው ሁለቱም ወገን የሚነቁት።

እንዲ አይነት ነገር ሲደርስ የስራ አስኪያጁ የመጀመሪያ ጥያቄ "ማነው ፓስዋርዳችንን የሰረቀው?" ነው። ብዙ ጊዜ ግን ማንም አልሰረቀም፣ ሰርቨርም አልተሰበረም፣ ሌባው ቁጭ ብሎ ላኪ የሚለው ቦታ ላይ የናንተን አድራሻ ጻፈ፣ በቃ። ኢሜይል የሚላክበት ስርዓት ኤስኤምቲፒ ይባላል፣ የወጣው በፈረንጆች 1982 ነው፣ ያኔ ኔትወርኩ ላይ የነበሩት እርስ በርስ የሚተማመኑ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ስለነበሩ "እውነት ይሄ ላኪ ነኝ ያለው እሱ ነው ወይ" ብሎ የሚያጣራ ነገር አልተገባበትም። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ ይሄን ክፍተት ለመድፈን በኋላ የተጨመሩ ናቸው፣ ስክሪን ላይ SPF፣ DKIM፣ DMARC ተብለው ነው የምታዩዋቸው። ዶሜይናችሁ ላይ ካላስገባችኋቸው ደሞ ማንም በራሱ አያስገባላችሁም።

ለምን ሶስት ሆኑ የሚለው ነው ዋናው ጉዳይ፣ እሱን ከያዛችሁ አይቲ ባለሙያችሁ "አድርገናል" ሲላችሁ ምን እንዳደረገና ምን እንደቀረ ራሳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ኢሜይልን እንደ መስሪያ ቤት ደብዳቤ አስቡት። ፖስታው ላይ የላኪ አድራሻ አለ፣ ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ ደሞ የድርጅቱ ስም ያለበት ራስጌ አለ፣ ከስር ማህተም አለ። ኢሜይልም እንደዛው ሁለት የላኪ አድራሻ አለው፣ አንዱ ሰርቨሮች እርስ በርስ የሚለዋወጡት የፖስታው አድራሻ ነው፣ ተቀባዩ ሰው አያየውም። ሌላው ኢንቦክስ ላይ የሚታየው የወረቀቱ ራስጌ ነው። ሁለቱ አንድ መሆን አለባቸው የሚል ህግ በራሱ በኢሜይል ስርዓት ውስጥ የለም።

ኤስፒኤፍ የሚያጣራው ፖስታውን ነው። ድርጅታችሁ "በኔ ስም መላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች እነዚ ናቸው" ብሎ ዶሜይኑ ላይ ዝርዝር ያወጣል፣ የገዢው ሰርቨር ኢሜይሉ ከየት እንደመጣ አይቶ ከዝርዝሩ ጋ ያመሳክራል። ጥሩ ነው፣ ግን ሌባው ፖስታው ላይ የራሱን ዶሜይን ጽፎ ራስጌው ላይ የናንተን ቢጽፍስ? የቡናው ገዢ ጋ የደረሰው ኢሜይል ውስጡ ሲከፈት እንዲ ሊሆን ይችላል፦

```
Return-Path: <info@example.net>
From: Finance <finance@example.com>
SPF: PASS
```

ኤስፒኤፍ አልፏል! ምክንያቱም Return-Path የሚለው የፖስታው አድራሻ ነው፣ እዛ ላይ ያለው example.net ደሞ የሌባው ዶሜይን ነው፣ ዝርዝሩንም ራሱ በትክክል አውጥቶለታል። ገዢው የሚያየው ሁለተኛውን መስመር ብቻ ነው። ስለዚ "ኤስፒኤፍ አለን" ማለት ብቻውን ገዢው የሚያየውን ስም አይጠብቅም፣ ብዙ ድርጅት እዚ ላይ ነው ቆሞ የቀረው።

ዲኪም ማህተሙ ነው። የናንተ ሰርቨር እያንዳንዱ ኢሜይል ላይ እሱ ጋ ብቻ ባለ ሚስጥራዊ ቁልፍ ይፈርማል፣ ፊርማው ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጠው ሌላኛው ቁልፍ ደሞ ዶሜይናችሁ ላይ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። በመንገድ ላይ የኢሜይሉ ይዘት፣ ለምሳሌ የባንክ ሂሳብ ቁጥሩ፣ ቢቀየር ፊርማው ይበላሻል። ግን እሱም ብቻውን ሲሆን ጎዶሎ ነው፣ ማህተም የሌለው ደብዳቤ ሲመጣ ተቀባዩ ምን ያድርግ የሚለውን አይናገርም፣ ሌባውም ከፈለገ በራሱ ዶሜይን ማህተም ሊመታ ይችላል።

ዲማርክ ሁለቱን ያያይዛል። የሚለው ይሄን ነው፦ ኢንቦክስ ላይ የሚታየው ዶሜይን ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም ካሳለፈው ዶሜይን ጋ መግጠም አለበት፣ ከሁለቱ አንዱ ቢገጥም ይበቃል፣ አንዱም ካልገጠመ ግን የዶሜይኑ ባለቤት ባዘዘው መሰረት ኢሜይሉ ይለፍ፣ ስፓም ይግባ ወይም ጭራሽ ይመለስ። የላይኛው የሌባ ኢሜይል እዚ ጋ ነው የሚያዘው፣ ያለፈው example.net ነው፣ የሚታየው example.com፣ አይገጥምም። ከዛ በተጨማሪ ዲማርክ በናንተ ስም ማን ከየት እየላከ እንደሆነ ሪፖርት ይልክላችኋል።

ሌባ አይመጣብንም ብትሉ እንኳን ሌላ ምክንያት አለ፣ የራሳችሁ እውነተኛ ኢሜይል አለመድረሱ። ከ2024 የካቲት (ፈረንጆች ፌብሩዋሪ) ጀምሮ ጉግልና ያሁ ላኪዎች ላይ ጠበቅ ያለ ህግ አውጥተዋል። ጂሜይል ላይ በቀን 5,000 እና ከዛ በላይ ኢሜይል የሚልክ ሶስቱም ሊኖሩት ይገባል፣ ትንሽ የሚልክም ቢሆን ቢያንስ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም ያስፈልገዋል። ማይክሮሶፍትም በ2025 ለነአውትሉክና ሆትሜይል ተመሳሳይ ነገር አምጥቷል። ሰራተኞቻችሁ 5.7.26 የሚል ቁጥር ያለበት መልስ ከጂሜይል ከመጣላቸው ችግሩ ኢንተርኔቱ አይደለም፣ ላኪው ማንነቱን አላረጋገጠም ማለት ነው። ፕሮፎርማ ልከን ደንበኛው አልደረሰኝም ይላል የሚለው የየዕለት እሮሮም ብዙ ጊዜ ከዚ ነው የሚመጣው።

እሺ አሁን ወደ ስራው እንግባ።

መጀመሪያ፣ የዶሜይኑ ቁልፍ ማን እጅ እንዳለ እወቁ። ሶስቱም የሚገቡት የዶሜይኑ ዲኤንኤስ ሴቲንግ ውስጥ ነው፣ ዲኤንኤስ ማለት ሌሎች ሰርቨሮች ስለ ዶሜይናችሁ የሚያነቡት መረጃ የሚቀመጥበት መዝገብ ነው፣ እዛ የሚገባው እያንዳንዱ ጽሁፍ ሪከርድ ይባላል፣ ጽሁፍ መለጠፍ ብቻ ነው፣ የሚገዛ እቃ የለውም። እኛ ሀገር ግን በጣም የሚያስቸግረው እሱ ሴቲንግ ውስጥ መግባት ነው፣ ከአመታት በፊት ዌብሳይቱን የሰራው ልጅ በራሱ ኢሜይል አስመዝግቦት ሊሆን ይችላል፣ ልጁ ደሞ ስራ ቀይሯል ወይ ሀገር ለቋል። ስለዚ ምንም ከመጀመራችሁ በፊት ሶስት ነገር አስጽፉ፣ ዶሜይኑ የት ነው የተመዘገበው፣ ዲኤንኤሱ የት ነው የሚተዳደረው (ሁለቱ የተለያየ ቦታ ሊሆኑ ይችላሉ)፣ መግቢያው በማን ስም ነው። መግቢያው በግለሰብ ስም ከሆነ ወደ ድርጅቱ አካውንት አዙሩት፣ ይሄን የሚያዘው ስራ አስኪያጅ ነው፣ አይቲው ብቻውን አይጨርሰውም።

አሁን ያላችሁበትን እዩ። ይሄን ራሳችሁ ማረግ ትችላላችሁ። ከድርጅቱ ኢሜይል ወደ ግል ጂሜይላችሁ አንድ መልዕክት ላኩ፣ በኮምፒውተር ክፈቱት፣ ቀኝ በኩል ያሉትን ሶስት ነጥቦች ተጫኑና Show original የሚለውን ምረጡ። ከላይ እንዲ የሚመስል ነገር ታያላችሁ፦

```
SPF:   PASS with IP ...
DKIM:  'PASS' with domain example.com
DMARC: 'PASS'
```

የዲማርክ መስመሩ ጭራሽ ከሌለ ሪከርዱ አልገባም ማለት ነው። ዲኪም ላይ ደሞ PASS የሚለውን ብቻ አይታችሁ አትለፉ፣ ከዛ ቀጥሎ ያለውን የዶሜይን ስም አንብቡ። ጉግል ወርክስፔስ የምትጠቀሙ ከሆነ እዛ ጋ በ gappssmtp.com የሚያልቅ ነገር ካያችሁ፣ ማይክሮሶፍት ከሆነ ደሞ onmicrosoft.com ካያችሁ፣ ማህተሙ የነሱ እንጂ የናንተ አይደለም። ዲኪሙ አልፏል፣ ለዲማርክ ግን አይቆጠርም። ይሄን ነገር ልምድ ያለው አይቲ ሳይቀር ያልፈዋል፣ አረንጓዴ ስለሚያይ።

በናንተ ስም ኢሜይል የሚልከውን ሁሉ ዘርዝሩ። ከሁሉም ጊዜ የሚፈጀው ይሄ ነው፣ የሚዘለለውም ይሄው ነው። የሰራተኞች ኢሜይል መቼም ይታወቃል። ሌላስ? ዌብሳይቱ ላይ ያለው የኮንታክት ፎርም ከሆስቲንጉ ሰርቨር ይልካል፣ የደሞዝ ሲስተሙ በየወሩ ፔይስሊፕ ይልካል፣ ማርኬቲንግ ኒውስሌተር የሚልክበት ሰርቪስ አለ፣ ኮሪደር ላይ ያለው ስካነርም ስካን ያረገውን ወደ ኢሜይል ሲልክ በድርጅቱ ስም ነው የሚልከው። አይቲ ክፍሉ ብቻ ይሄን ሁሉ አያውቅም፣ ማርኬቲንግ በራሱ ካርድ የገዛው ሰርቪስ ሊኖር ይችላል፣ ስለዚ እያንዳንዱን ክፍል ጠይቁ። ቡና ላኪው ድርጅት ሲጠይቅ አራት አገኘ እንበል፣ ጉግል ወርክስፔስ፣ ዌብሳይቱ፣ የኒውስሌተር ሰርቪስ እና ስካነሩ።

ኤስፒኤፍ። ለዚ ድርጅት ሪከርዱ እንዲ ይሆናል፦

```
v=spf1 include:_spf.google.com ip4:192.0.2.10 ~all
```

ሲነበብ፣ የጉግል ሰርቨሮች ይችላሉ፣ በዚ አድራሻ ያለው የዌብሳይቱ ሰርቨርም ይችላል፣ ሌላው ግን ተጠራጠሩት ነው። በጣም የተለመደው ስህተት ሁለት የኤስፒኤፍ ሪከርድ መኖሩ ነው፣ ድርጅቱ ከድሮው ሆስቲንግ ኢሜይል ወደ ጉግል ሲዞር አዲሱን ይጨምሩና አሮጌውን ሳያጠፉት ይቀራል። ሁለት ካለ ሁለቱም አይሰሩም፣ አንድ ላይ ተጠቃለው አንድ መስመር መሆን አለባቸው። ሁለተኛው ስህተት መስመሩን መጫን ነው፣ ኤስፒኤፍ ሲጣራ ከ10 በላይ ወደ ሌላ ዶሜይን ሄዶ የመጠየቅ ስራ አይፈቀድለትም፣ include የሚለው እያንዳንዱ ይቆጠራል፣ ውስጡ ያሉትም ይቆጠራሉ፣ 10 ካለፈ ስህተት ነው ተብሎ ይወድቃል። እዚ ላይ አንድ የሚረሳ ነገር፣ አብዛኞቹ የኒውስሌተር ሰርቪሶች ፖስታው ላይ የራሳቸውን ዶሜይን ነው የሚጽፉት፣ ስለዚ እነሱን የናንተ ኤስፒኤፍ ውስጥ መክተት ቦታ ከመያዝ በቀር ለዲማርክ የሚጨምረው የለም። እነሱ የሚፈቱት በዲኪም ነው።

ዲኪም። እያንዳንዱ ላኪ የራሱን ማህተም ይፈልጋል፣ ጉግል የራሱ፣ ኒውስሌተሩ የራሱ። ጉግል ላይ አድሚን ኮንሶል ገብታችሁ ቁልፍ ታወጣላችሁ (2048 የሚለውን ምረጡ)፣ ያወጣውን ረጅም ጽሁፍ ዲኤንኤስ ላይ ትለጥፋላችሁ፣ ከዛ ተመልሳችሁ Start authentication የሚለውን ትጫናላችሁ። ይቺን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል፣ ዲኤንኤሱ ላይ ሁሉም ነገር አለ፣ ፊርማው ግን አልተጀመረም፣ ያ gappssmtp የሚለው የሚታየው ያኔ ነው። ኒውስሌተሩ ላይ ደሞ ዶሜይን ማረጋገጫ የሚል ሴቲንግ ፈልጉ፣ የሚሰጣችሁን ሪከርዶች ለጥፉ። ስካነሩ ፊርማ አይችልም፣ ስለዚ በቀጥታ እንዳይልክ አድርጉና በጉግል አካውንት በኩል እንዲልክ አስተካክሉት።

ኤስፒኤፍ ካለ ዲኪም ላይ ለምን ይሄን ያህል እንደክማለን ለሚል፣ ፎርዋርድ ነው መልሱ። የሃምቡርጉ ገዢ የቢሮ ኢሜይሉን ወደ ሌላ ሳጥን በራሱ እንዲዞር አርጎት ከሆነ፣ የናንተ ኢሜይል ሁለተኛው ቦታ ሲደርስ የመጣው ከገዢው ሰርቨር ነው፣ እሱ ደሞ የናንተ ዝርዝር ውስጥ የለም፣ ኤስፒኤፉ ይወድቃል። ዲኪም ግን ወረቀቱ ላይ ስለታተመ ይዘቱ እስካልተነካ ድረስ አብሮ ይሄዳል።

ዲማርክ፣ ቀስ ተብሎ። መጀመሪያ የሚገባው ይሄ ነው፦

```
v=DMARC1; p=none; rua=mailto:dmarc@example.com
```

የሚቀመጠው _dmarc.example.com የሚለው ስም ስር ነው። p=none ማለት ምንም አታግዱ ማለት ነው፣ rua ደሞ ሪፖርቱን በዚ አድራሻ ላኩልኝ ማለት ነው። ሪፖርቱ እንደ ጉግልና ማይክሮሶፍት ካሉ ተቀባዮች አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ ይመጣል፣ ለሰው አይን የሚመች አይደለም፣ ታሽጎ የሚመጣ ኤክስኤምኤል ፋይል ነው፣ ስለዚ ለብቻው በተከፈተ አድራሻ ይግባና አንብቦ በሰንጠረዥ የሚያሳይ ሰርቪስ ተጠቀሙ፣ ነጻ የሆኑም አሉ። ቢያንስ አንድ ሙሉ ወር ጠብቁ፣ ምክንያቱም ደሞዝ በወር አንዴ ነው የሚላከው፣ በሳምንት ውስጥ አይታይም።

የቡና ላኪው ሪፖርት ሲመጣ ምን ያሳያል? ከጉግል የሚወጣው ሁለቱም ገጥሟል። ኒውስሌተሩ ኤስፒኤፉ አይገጥምም፣ ዲኪሙ ገጥሟል፣ ደህና ነው፣ አንዱ ይበቃል። ዌብሳይቱ ግን ሁለቱም ወድቋል፣ ሲጣራ ሆስቲንጉ ሰርቨር ቀይሮ አድራሻው ሌላ ሆኗል፣ ይስተካከላል። ከዛ ማንም የማያውቀው አንድ አድራሻ አለ፣ ፔይስሊፕ በሚወጣበት ቀን ብቻ ይታያል፣ ይሄ ሂሳብ ክፍል ሲጠየቅ "ምንም የለንም" ያለው የደሞዝ ሲስተም ነው። የቀሩት ድርጅቱ ምንም ስራ ከሌለው ሀገር የሚመጡ፣ ሁለቱም የወደቁ፣ የማንም ያልሆኑ አድራሻዎች ናቸው፣ እነሱ ናቸው በስማችሁ የሚነግዱት።

የራሳችሁ ላኪዎች በሙሉ መግጠማቸውን ስታረጋግጡ p=none የሚለውን p=quarantine አድርጉት፣ ያልገጠመው ስፓም ይገባል፣ የተሳሳተ ነገር ካለም ከስፓም ፈልጎ ማውጣት ይቻላል። ጥቂት ሳምንት ያለ ቅሬታ ካለፈ p=reject። ያኔ ነው የሃምቡርጉ ገዢ ሰርቨር፣ ዲማርክ የሚያከብር እስከሆነ ድረስ፣ ያንን የሌባ ኢሜይል በር ላይ የሚመልሰው።

ሁለት አይነት ጥፋት አለ እዚ ላይ። አንዱ በመጀመሪያው ቀን reject ማስገባት ነው፣ ያኔ ፔይስሊፕና የዌብሳይት ጥያቄዎች ድምጽ ሳያሰሙ ይጠፋሉ፣ የመመለሻ መልዕክቱ ሰው የማያየው ሲስተም ጋ ስለሚሄድ ለሳምንታት ላይታወቅ ይችላል። ሌላኛው ደሞ none ላይ ለአመታት መቀመጥ ነው፣ ይሄኛው በጣም የበዛው ነው። ባለሙያው ዲማርክ አለን ይላል፣ ምርመራ ገጾችም ሪከርድ ተገኝቷል ይላሉ፣ ግን የሚታገድ አንድም ኢሜይል የለም። ስለዚ አለን ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፣ p ስንት ላይ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ራሳችሁም ማየት ትችላላችሁ፦

```
nslookup -type=TXT _dmarc.example.com
```

የማይከለክለውን እወቁ። ዲማርክ የሚጠብቀው የናንተን ዶሜይን ራሱን ብቻ ነው። ሌባው አንድ ፊደል ቀይሮ የሚመሳሰል ዶሜይን ቢገዛ፣ ወይም ከተራ ጂሜይል ሆኖ ስሙን ብቻ የስራ አስኪያጁን ስም ቢያረገው፣ ወይም የእውነት የፋይናንስ ሰራተኛዋን ፓስዋርድ አግኝቶ ከራሷ ሳጥን ቢልክ፣ ዲማርክ ያሳልፈዋል። የአሜሪካው ኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል ክፍል በ2023 ብቻ በድርጅት ኢሜይል ማጭበርበር ወደ 2.9 ቢሊዮን ዶላር ጠፋ የሚል ሪፖርት ደርሶታል፣ ሁሉም መንገድ ተደምሮ ነው ይሄ። ስለዚ ሁለት ነገር አብሮ ይሂድ፣ ሁሉም ሰራተኛ ኢሜይሉ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይክፈት፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ለውጥ ደሞ በኢሜይል ብቻ አይታመን፣ ኢሜይሉ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ድሮ በምታውቁት ስልክ ተደውሎ ይረጋገጥ። ይሄን ለገዢዎቻችሁም ኮንትራቱ ውስጥ ጻፉላቸው።

ተኝተው ያሉ ዶሜይኖች። ብዙ ድርጅት .com እና .com.et ሁለቱንም ይዞ በአንዱ ብቻ ነው ኢሜይል የሚልከው። ሌላኛው ባዶ ስለሆነ ማንም አያስበውም፣ ሌባ ግን እሱንም መጻፍ ይችላል፣ ገዢው ደሞ የናንተ መሆኑን ያውቃል። ይሄኛው ቀላል ነው፣ ምንም ስለማይላክበት መጠበቅ አያስፈልግም፣ በመጀመሪያው ቀን ይዘጋል፣ -all ማለት በዚ ስም መላክ የተፈቀደለት ማንም የለም ማለት ነው፣ የላይኛው መስመር ዶሜይኑ ራሱ ላይ፣ የታችኛው _dmarc ስር፦

```
v=spf1 -all
v=DMARC1; p=reject
```